ቀኑ ያለፈበትን ሥራ በቀለም የሚለይ ሠንጠረዥ

ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የአንድ ሴል ቀለም በሰው እጅ ሳይሆን ቀድሞ በተሰጠ ሁኔታ እንዲወሰን የሚያደርግ የኤክሴልና የጎግል ሺትስ መሣሪያ ነው። ሁኔታው ሲሟላ ቀለሙ ይመጣል፤ ሁኔታው ሲቀር ቀለሙም ይጠፋል። በሥራ መከታተያ ሠንጠረዥ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው አገልግሎቱ የማጠናቀቂያ ቀናቸው ያለፈ፣ ነገር ግን ገና ያላለቁ ሥራዎችን ሙሉ ረድፋቸውን ቀይ ማድረጉ ነው። ይህን በእጅ መቀባት ይቻላል፤ ችግሩ በእጅ የተቀባ ቀለም ቀን አለመቁጠሩ ነው። ዛሬ ነጭ የነበረው ረድፍ ነገ ቀኑ ቢያልፍም ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ባለፈው ሳምንት የቀላው ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላም እንደቀላ ይቀራል።

አሠራሩን ለማየት የአንድ አነስተኛ መኖሪያ ቤት ግንባታ ሠንጠረዥ ይወሰድ። የመጀመሪያው ረድፍ የአምዶቹን ስም ይይዛል፦ A ተራ ቁጥር፣ B የሥራው ዓይነት፣ C ኃላፊ፣ D የማጠናቀቂያ ቀን፣ E ሁኔታ። ሥራዎቹ የሚጀምሩት ከ2ኛው ረድፍ ነው። በ2ኛው ረድፍ ላይ ያለው የመሠረት ቁፋሮ እስከ 30/11/2025፣ በ3ኛው ላይ ያለው የኮንክሪት ሙሌት እስከ 31/12/2025 እንዲያልቁ ታስቦ ሁለቱም «ተጠናቋል» ተብለዋል። በ4ኛው ረድፍ የብሎኬት ግንብ አለ፤ ቀኑ 14/01/2026፣ ሁኔታው «በሥራ ላይ» ነው። 5ኛው የኤሌክትሪክ ቱቦ ዝርጋታ ሲሆን ቀኑ 20/01/2026፣ እሱም «በሥራ ላይ» ነው። 6ኛው የጣሪያ ቆርቆሮ ምታት ነው፤ ቀኑ 26/01/2026፣ ሁኔታው «አልተጀመረም»። 7ኛው ልስን ነው፤ ገና ቀን አልተቆረጠለትም። ሠንጠረዡ የተከፈተው ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 ነው እንበል። በዚህ ቀን መቅላት ያለበት አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ስድስት ቀን የዘገየው የብሎኬት ግንብ።

ፕሮግራሙ ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ኤክሴል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና ለእያንዳንዱ ቀን አንድ እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ቆጠራ የብሎኬት ግንቡ ቀን 46036፣ ሠንጠረዡ የተከፈተበት ቀን ደግሞ 46042 ነው። በሴሉ ውስጥ የሚታየው 14/01/2026 የዚህ ቁጥር ልብስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቀኑ አልፏል?» የሚለው ጥያቄ ለኮምፒዩተሩ «ይህ ቁጥር ከዛሬው ቁጥር ያንሳል?» ከማለት አይለይም። የዛሬውን ቁጥር የሚሰጠው TODAY() የሚባለው ፎርሙላ ነው፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ስለሚሰላ ማንም ሳይነካው ቀለሙ በየቀኑ ይታደሳል።

ደንቡን ለማስገባት በኤክሴል መጀመሪያ ከA2 ተነስቶ እስከ E100 ያለው ቦታ ይመረጣል። ከዚያ Home ውስጥ Conditional Formatting፣ New Rule፣ በመጨረሻም Use a formula to determine which cells to format የሚለው ይጫናል። ፎርሙላው በባዶው ሳጥን ከተጻፈ በኋላ Format በሚለው በኩል Fill ውስጥ ቀለም ይመረጣል። በጎግል ሺትስ መንገዱ Format፣ Conditional formatting፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ Custom formula is ነው። ፎርሙላው ለሁለቱም አንድ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ነው፦

```
=$D2<TODAY()
```

ይህ ፎርሙላ በከፊል ይሠራል። የብሎኬት ግንቡ ይቀላል። ነገር ግን ያለቁት ሁለቱ ሥራዎችም ይቀላሉ፤ ቀናቸው በእርግጥ አልፏልና። ቀን ያልተቆረጠለት ልስንም ይቀላል፤ ባዶ ሴል ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር እንደ 0 ስለሚቆጠር፣ 0 ደግሞ ከ46042 ስለሚያንስ ነው። ከዚያ በታች እስከ 100ኛው ረድፍ ያሉት ባዶ ረድፎችም በሙሉ ቀይ ይሆናሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መጠየቅ አለበት፤ በሴሉ ውስጥ እውነተኛ ቀን መኖሩ፣ ቀኑ ማለፉና ሥራው አለማለቁ። ሦስቱን የሚያጣምረው AND ነው፦

```
=AND(ISNUMBER($D2),$D2<TODAY(),$E2<>"ተጠናቋል")
```

አሁን የሚቀላው 4ኛው ረድፍ ብቻ ነው። ዛሬ የሚያበቃው የቱቦ ዝርጋታ አይቀላም፤ ቁጥሩ ከዛሬው ጋር እኩል እንጂ ያነሰ አይደለም፣ ሠራተኛውም ገና የቀኑ ጊዜ አለው። በTODAY() ፋንታ NOW() ቢገባ ግን ይህ ይበላሻል። NOW() ሰዓትንም ስለሚጨምር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 46042.4 ገደማ ይሰጣል፤ የዛሬው ሥራም ቀኑ ሳይመሽ ዘግይቷል ይባላል። ፎርሙላው ተጽፎ ኤክሴል አልቀበልም ካለ ደግሞ የኮምፒዩተሩ ሪጅን ወደ አውሮፓ አገሮች የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ ዘንድ በኮማ ፋንታ ; ይገባል።

በዚህ ፎርሙላ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በዶላር ምልክቷ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፎርሙላው የሚጻፈው ለተመረጠው ቦታ የመጀመሪያ ሴል፣ ማለትም ለA2 ነው። ፕሮግራሙ ለሌሎቹ ሴሎች ሲያሰላ ግን ፎርሙላውን አብሮ ያንሸራትተዋል፤ አንድ አምድ ወደ ቀኝ ሲሄድ የአምዱን ፊደል፣ አንድ ረድፍ ወደ ታች ሲወርድ የረድፉን ቁጥር ይቀይራል። ከD በፊት የቆመችው ዶላር አምዱ እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። በ2 ፊት ዶላር አለመኖሩ ደግሞ ረድፉ በነጻነት እንዲወርድ ያደርገዋል። ስለዚህ በ4ኛው ረድፍ ላይ ያሉት A4፣ B4፣ C4፣ D4 እና E4 ሁሉም የሚጠይቁት አንዱን D4 ነው፤ መልሱም አንድ ስለሆነ ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ይቀላል።

ዶላሯ ከተረሳች ስህተቱ በሠንጠረዡ መልክ ይታወቃል። ያለ ዶላር =D2<TODAY() የተባለ እንደሆነ A አምድ በትክክል Dን ይጠይቃል። B ግን አንድ ተንሸራቶ Eን ይጠይቃል፤ እዚያ ያለው ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ በእነዚህ ፕሮግራሞች ንጽጽር ሁልጊዜ ከቁጥር ይበልጣል፤ ስለዚህ አይቀላም። C፣ D እና E ከሠንጠረዡ ውጭ ያሉትን ባዶ አምዶች ስለሚጠይቁ በየረድፉ ይቀላሉ። ውጤቱ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ቀይ ሰንበር ሆኖ ሥራ በተጻፈባቸው ረድፎች ላይ የB አምድ ነጭ ይቀራል። በተቃራኒው $D$2 ተብሎ ሁለቱም ከታሠሩ ሠንጠረዡ በሙሉ የሚታዘዘው ለመሠረት ቁፋሮው ነው፤ ወይ ሁሉም ይቀላል ወይ አንዱም አይቀላም።

ሌላው በመልኩ የሚታወቅ ስህተት የመነሻ ረድፍ አለመግጠም ነው። አምዶቹ በሙሉ ተመርጠው፣ ማለትም ቦታው ከ1ኛው ረድፍ ጀምሮ ሳለ፣ ፎርሙላው $D2 ካለ እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ባለው ረድፍ ይፈረድበታል። የዘገየው የብሎኬት ግንቡ ሆኖ የሚቀላው ግን ከሱ በላይ ያለው ያለቀው የኮንክሪት ሙሌት ይሆናል። ቀለሙ አንድ ረድፍ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ ፎርሙላውን ከመመርመር በፊት የተመረጠው ቦታ የት እንደሚጀምር ማየት ይቀድማል።

«ተጠናቋል» የሚለው ቃል በፎርሙላው ውስጥ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። እዚህ ላይ የአማርኛ ሠንጠረዥ የራሱ ፈተና አለው። አንዱ ሠራተኛ ተጠናቋል፣ ሌላው ተጠናቅቋል፣ ሦስተኛው ተጠናቁዋል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ሁለቱ ያለቀውን ሥራ እንደቀላ ይተዉታል። በ«ሥራ» እና በ«ስራ» መካከል ያለው ልዩነትም እንዲሁ ነው። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ የገባ ባዶ ቦታም ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው መጻፍን መከልከልና ማስመረጥ ነው። የE አምድ ተመርጦ Data ውስጥ Data Validation ይከፈታል፤ Allow በሚለው List ይመረጥና Source ውስጥ «ተጠናቋል,በሥራ ላይ,አልተጀመረም» የሚሉት ቃላት ያለ ጥቅስ ምልክት በኮማ ተለይተው ይገባሉ። ይህ ከዚያ በፊት የተጻፈውን አያርምም። የቀድሞዎቹን ለማግኘት በE አምድ ላይ ፊልተር ማድረግ ይበቃል፤ የፊልተሩ ዝርዝር በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን አጻጻፍ ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣዋል።

እስካሁን የተነሱት ስህተቶች ያለ ቦታው ቀይ ስለሚያመጡ በቶሎ ይታያሉ። የሚያሰጋው መቅላት ሲገባው ነጭ ሆኖ የሚቀረው ረድፍ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ይህ የሚሆነው በD አምድ የተጻፈው ነገር ቀን መስሎ ጽሑፍ ሲሆን ነው። «ጥር 6» ተብሎ በፊደል የተጻፈ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ በማያውቀው አጻጻፍ የገባ ቀን ቁጥር አይሆንም፤ ISNUMBER ይጥለዋል፣ ረድፉም ለዓመት ቢዘገይ አይቀላም። በዓይን የሚለይበት መንገድ አለ፦ የሴሉ አሰላለፍ በእጅ ካልተቀየረ እውነተኛ ቀን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ከዓይን የሚሻለው ግን እንዲህ ያለውን ረድፍ ግራጫ የሚያደርግ ሁለተኛ ደንብ መጨመር ነው፦

```
=AND(ISTEXT($D2),$D2<>"")
```

የቀንና የወር ቅደም ተከተልም የዚሁ ችግር ወገን ነው። ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ ልማድ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ 14/01/2026 ሲገባለት 14ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። 05/02/2026 ሲገባለት ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሜይ 2 ብሎ ይወስደዋል፤ ፌብሩዋሪ 5 ላይ ማለቅ የነበረበት ሥራ ሦስት ወር ያህል ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛል። አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ በባዶ ሴል 25/1/2026 ጽፎ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ወደ ቀኝ ከተጠጋ ኮምፒዩተሩ ቀንን ያስቀድማል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መደባለቅ ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። TODAY() የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። አንድ ሰው የብሎኬት ግንቡ ቀን ጥር 6 ቀን 2018 ነው ብሎ 6/5/2018 ቢጽፍ ፕሮግራሙ የሚያነበው ሜይ 6 ቀን 2018 ነው፤ ይህም ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት የተሞላ ሠንጠረዥ ላይ ያላለቀ ሥራ ሁሉ ገና በተመዘገበበት ዕለት ይቀላል። ጥቅምት 30 ደግሞ 30/2/2018 ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር በትክክል ሊነበብ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አብዛኛው ረድፍ ቀይ፣ አንዳንዱ ግራጫ ሆኖ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መግባታቸው ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤት ውሉንም ደብዳቤውንም የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ሠራተኛው በቃሉ እየለወጠ ያስገባ ማለት አይሆንም፤ በመለወጥ መካከል አንድ ቀን መሳት ቀላል ነው። የሚሻለው ለውጡን ለፎርሙላ መተው ነው። ከE በስተቀኝ ሦስት አምዶች ይከፈታሉ፤ F ለቀን፣ G ለወር ቁጥር፣ H ለዓመተ ምሕረት። D አምድ ከእንግዲህ በእጅ አይሞላም፤ በD2 ላይ ይህ ይጻፍና ወደ ታች ይጎተታል፦

```
=IF(H2="","",365*(H2-1)+INT(H2/4)+30*(G2-1)+F2-690799)
```

ፎርሙላው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከሥሩ ይቆጥራል። ላለፈው ዓመት ሁሉ 365 ቀን፣ ላለፈው ወር ሁሉ 30 ቀን ይደምራል። INT(H2/4) የሚለው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትጨመረውን ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ይይዛል። 690799 ደግሞ ይህን ድምር ከኤክሴል ቆጠራ ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ቁጥር ነው። በ4ኛው ረድፍ 6፣ 5፣ 2018 ሲገቡ ስሌቱ 736205 ሲደመር 504 ሲደመር 120 ሲደመር 6፣ ከዚያ ሲቀነስ 690799 ይሆናል፤ ውጤቱ 46036 ነው፣ ማለትም ጃንዋሪ 14 ቀን 2026። ሴሉ ቁጥሩን ራሱን ካሳየ የD አምድ ፎርማት ወደ Date ይለወጣል። ለመፈተሽ 1፣ 1፣ 2018 ማስገባት ይቻላል፤ መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ስለሆነ ያ ቀን መውጣት አለበት። ጳጉሜንን 13 ብሎ ማስገባት ይበቃል። የቀለም ደንቡ አይነካም፤ ያው Dን እየጠየቀ ይቀጥላል። የፈረንጁን ቀን ማየት የማይፈልግ ሰው D አምድን ቢደብቀውም ደንቡ ይሠራል።

በጎግል ሺትስ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያያሉ። እዚያ «ዛሬ» የሚወሰነው በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ሰዓት ሳይሆን በፋይሉ የሰዓት ቀጠና ነው። ዋሽንግተን ያለ የቤቱ ባለቤት ፋይሉን በዚያ ሰዓት ከፍቶ አዲስ አበባ ካለው ፎርማን ጋር ቢጋራው፣ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለምትዘገይ፣ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ቀን ከገባ በኋላም ረድፉ እስከ ረፋዱ ድረስ ሳይቀላ ይቆያል። File ውስጥ Settings ተከፍቶ Time zone የሚለው ሥራው ወዳለበት ከተማ ይለወጣል።

ቀይ ከመምጣቱ በፊት ማስጠንቀቂያ የሚፈልግ በሰባት ቀን ውስጥ ለሚደርሱት ሥራዎች ቢጫ ደንብ ሊጨምር ይችላል፦

```
=AND(ISNUMBER($D2),$D2>=TODAY(),$D2<=TODAY()+7,$E2<>"ተጠናቋል")
```

በዚህም የቱቦ ዝርጋታውና የጣሪያ ቆርቆሮው ቢጫ ይሆናሉ። ቀይና ቢጫ በፎርሙላቸው ስለማይደራረቡ የትኛው ቢቀድም ለውጥ የለውም። $D2>=TODAY() የሚለው ከተተወ ግን የዘገየው ሥራ ሁለቱንም ደንብ ያሟላል፤ በዚህ ጊዜ የሚያሸንፈው በManage Rules ዝርዝር ውስጥ ከላይ የተቀመጠው ነው። ከእነዚህ ሦስት ቀለሞች በላይ መጨመር አይመከርም፤ ያለቀውን አረንጓዴ፣ ያልተጀመረውን ሰማያዊ ማድረግ ቀዩን ከመታየት ይጋርደዋል። ሠንጠረዡ በጥቁርና ነጭ የሚታተም ከሆነ በቀዩ ደንብ ላይ ፊደሉንም ደማቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፈዛዛ ቀይና ቢጫ በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ይሆናሉ።

ቀለሙ ሊያደርግ የማይችለውም አለ። ቀዩ የሚመጣው ከተጻፈው ቀን ነው፤ የማጠናቀቂያውን ቀን ወደፊት የገፋ ሰው ሥራው ባይነቃነቅም ቀዩን ያጠፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተስማሙበት ቀን በሌላ አምድ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። አዲሱ ቀን በD ላይ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ግን አብሮ ይታይ።

ደንቡ ከወራት አገልግሎት በኋላ የሚበላሸው ረድፎች እየተገለበጡ ሲለጠፉ ነው። ኮፒና ፔስት ሲደረግ ቀለሙም ደንቡም አብሮ ይሄዳል፤ በManage Rules ውስጥ አንድ የነበረው ደንብ አሥር ይሆናል፣ Applies to የሚለው ቦታም ይቆራረጣል። አንዳንድ ረድፍ ከሁሉም ውጭ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ሲለጠፍ Paste Special ውስጥ Values መምረጥ ይሻላል። አንዴ ከተቆራረጠ ለመጠገን ከመድከም ይልቅ ደንቦቹን አጥፍቶ አንዱን እንደገና መጻፍና Applies to ላይ =$A$2:$E$100 ማስገባት ይቀላል። ሁሉንም ለማየት ከዝርዝሩ በላይ Show formatting rules for በሚለው This Worksheet ይመረጣል።

ደንቡ አሁንም ሁሉንም ረድፍ መያዙን ለማወቅ ከቀለም ውጭ የሆነ ቆጠራ ያስፈልጋል። ከሠንጠረዡ ውጭ ባለ ባዶ ሴል ይህ ይጻፋል፦

```
=COUNTIFS(D2:D100,"<"&TODAY(),E2:E100,"<>ተጠናቋል")
```

በቤቱ ግንባታ ሠንጠረዥ ላይ መልሱ 1 ነው። ይህ ፎርሙላ ባዶ ሴልንና ጽሑፍን አይቆጥርም፤ ስለዚህ መልሱ ከቀይ ረድፎቹ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ረድፎቹ ብዙ ከሆኑ በኤክሴል ፊልተር ውስጥ Filter by Color ቀዮቹን ብቻ ለይቶ ያወጣቸዋል። ቆጠራው ከቀዮቹ ከበለጠ ከደንቡ ክልል የወጣ ረድፍ አለ፤ ቀዮቹ ከበለጡ ደግሞ አንዱ ረድፍ ላይ በእጅ የተቀባ ቀለም ቀርቷል ማለት ነው።